ድምሩ ልክ፣ መስመሩ ስህተት

ለካዛንቺስ ሆቴሎችና ቢሮዎች ጠረጴዛና ወንበር በዱቤ የሚያቀርብ፣ ቂርቆስ ውስጥ የሚገኝ አንድ የእንጨት ሥራ ድርጅት እናስብ። ድርጅቱ የፈጠርነው ቢሆንም ችግሩ እውነተኛ ነው። ሰኔ 30 ሒሳቡ ሲዘጋ የተጣራ ትርፉ 1.2 ሚሊዮን ብር ሆኖ ሳለ፣ በእጁና በባንክ ያለው ገንዘብ ግን ከ400 ሺህ ወደ 150 ሺህ ወርዷል። 250 ሺህ ብር የት ገባ? መልሱን የሚሰጠው የጥሬ ገንዘብ ፍሰት መግለጫ ነው። የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቁጥር 847/2006 ዓለም አቀፍ ደረጃዎችን አገር ውስጥ ካስገባ ወዲህ፣ ይህ መግለጫ የዓመቱ ሪፖርት አንድ አካል ሆኗል። ብዙዎቹ ድርጅቶች የሚያዘጋጁት ከትርፍ ተነስቶ ወደ ገንዘብ በሚደርሰው ቀጥተኛ ባልሆነው ዘዴ ነው። ነገር ግን የመጨረሻው ድምር ከባንክ ሒሳብ ጋር መግጠሙ መግለጫው ትክክል ነው ለማለት አያበቃም።

ሥራው የሚጀመረው ትርፍ ውስጥ ተቆጥሮ ገንዘብ ያላስወጣውን በመመለስ ነው። የዓመቱ የማሽኖች የእርጅና ቅናሽ 400 ሺህ ብር ነበር፤ ከትርፍ ላይ ቢቀነስም ለማንም አልተከፈለም፣ ስለዚህ ይደመራል። እርጅና ገንዘብ ያመጣል ማለት ግን አይደለም፤ ቀድሞ የተቀነሰውን መመለስ ብቻ ነው። ቀጥሎ የዓመቱ መጀመሪያና መጨረሻ ባላንስ ሺት ጎን ለጎን ይቀመጣል። ከደንበኞች የሚሰበሰበው ከ800 ሺህ ወደ 1.7 ሚሊዮን አድጓል፤ 900 ሺህ ብር ሽያጭ ተብሎ ተመዝግቦ ገና አልገባምና ይቀነሳል። የጣውላና የዕቃ ክምችቱ በ400 ሺህ ስለጨመረ እሱም ይቀነሳል። ለአቅራቢዎች የሚከፈለው ደግሞ በ250 ሺህ ጨምሯል፤ ዕቃው ወጪ ሆኖ ገንዘቡ ገና እጅ ላይ ነውና ይደመራል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ከዋናው ሥራ የተገኘው 550 ሺህ ብር ነው።

አሁን አስቸጋሪው ክፍል መጣ። የቋሚ ንብረቱ የተጣራ ዋጋ ከ2 ሚሊዮን ወደ 2.6 ሚሊዮን ደርሷል፤ ብድሩም ከ1.5 ወደ 1.7 ሚሊዮን አድጓል። የቸኮለ ሰው 600 ሺህ ብር ማሽን ተገዛ፣ 200 ሺህ ተበደረ ብሎ ይጽፋል፤ እርጅናውንም ሳይመልስ ይተዋል። እንዲህ ሲሆን ከሥራ 150 ሺህ ተገኘ፣ 600 ሺህ ወጣ፣ 200 ሺህ ገባ ይላል። ድምሩም ቅናሽ 250 ሺህ ሆኖ ከባንክ ሒሳቡ ጋር በሳንቲም ሳይቀር ይገጥማል፤ ሦስቱም መስመሮች ግን ስህተት ናቸው። የባላንስ ሺት ልዩነቶች ሁልጊዜ እርስ በርሳቸው ስለሚጣጣሙ፣ ሁሉንም አንድ ጊዜ የጻፈ ሰው ያለ ምንም እውቀት ድምሩን ያገኛል።

እውነቱን ለማግኘት ከልዩነቱ ጀርባ ያለውን እንቅስቃሴ መፈለግ ያስፈልጋል። እርጅናው ዋጋውን በ400 ሺህ ዝቅ አድርጎት ሳለ ንብረቱ በ600 ሺህ ካደገ፣ የተገዛው የ1 ሚሊዮን ብር ማሽን ነው። ለብድሩ ደግሞ የባንኩን የአከፋፈል ሰሌዳ ማየት ግድ ነው፤ በዓመቱ 700 ሺህ አዲስ ብድር ገብቶ፣ ከዋናው ብድር 500 ሺህ ተመልሷል። በባንክ ዝርዝሩ ላይ ከሒሳቡ የወጣው ግን 800 ሺህ ነው፤ ቀሪው 300 ሺህ ወለድ ነው፣ እሱም ከትርፍ ላይ አስቀድሞ ተቀንሷል። 800 ሺሁን በሙሉ እንደ ብድር ክፍያ የጻፈ ሰው ወለዱን ሁለት ጊዜ ይቀንሳል፤ ይህ ስህተት ቢያንስ ድምሩን ስለሚያዛባ ይታያል።

አንዳንዱ፣ የባንክ ዝርዝሩ ራሱ የገባውንና የወጣውን ይናገራል፣ ይህ ሁሉ ስሌት ለምን ይላል። የባንክ ዝርዝሩ ገንዘቡ መውጣቱን እንጂ ትርፉ ለምን ገንዘብ እንዳልሆነ አይነግርም፤ ያ 900 ሺህ ብር በደንበኞች እጅ መቅረቱ በዝርዝሩ ላይ የለም፣ ምክንያቱም አልገባም። ሌላው ደግሞ መስመሮቹ ቢዛነፉም ውጤቱ አንድ እስከሆነ ድረስ ምን ልዩነት አለው ሊል ይችላል። ልዩነቱ የሚታየው ብድር ለሚያድሰው የባንክ ባለሙያ ነው። በተሳሳተው መግለጫ ድርጅቱ ዓመቱን ሙሉ በብድር 200 ሺህ ብር ብቻ ያገኘ ይመስላል፣ አንድም ክፍያ አይታይም። በትክክለኛው ግን ከወለድ በፊት ሥራው 850 ሺህ አመጣ፣ ባንክ 800 ሺሁን ወሰደ፣ ለ1 ሚሊዮኑ ማሽን ከራስ የተረፈው 50 ሺህ ብቻ ነው። የሚቀጥለው ዓመት አዲስ ብድር ካልመጣና ደንበኞቹ ክፍያውን ካዘገዩ፣ የመጀመሪያዎቹ የብድር ክፍያዎች እንኳ ጥርጥር ውስጥ ይወድቃሉ።

ወለዱ የት መስመር ላይ ይጻፍ የሚለው ነገር እስካሁን የምርጫ ጉዳይ ነበር፤ ከሥራ ወይም ከፋይናንስ ክፍል ውስጥ ማስገባት ይቻላል። ሙሉውን ዓለም አቀፍ ደረጃ ለሚከተሉት ግን እ.ኤ.አ. ከ2027 ጀምሮ ተፈጻሚ የሚሆነው አይኤፍአርኤስ 18 እንዲህ ላለው ድርጅት ወለዱን ወደ ፋይናንስ ክፍል ያዛውረዋል፣ የስሌቱ መነሻም ከተጣራ ትርፍ ይልቅ የሥራ ትርፍ ይሆናል። ያኔ የዚሁ እንጨት ቤት የሥራ ፍሰት 850 ሺህ፣ የፋይናንሱ ደግሞ ቅናሽ 100 ሺህ ሆኖ ይታያል፤ ገንዘቡ ግን ያው በ250 ሺህ ቀንሷል።