በሲሊከን መጋጠሚያ ላይ ያለው ባዶ ቀጠና

የሲሊከን አቶም 4 ውጫዊ ኤሌክትሮኖች አሉት። በክሪስታሉ ውስጥ ሁሉም ከጎረቤት አቶሞች ጋር ስለተሳሰሩ ንጹሕ ሲሊከን በክፍል ሙቀት ኤሌክትሪክን እምብዛም አያስተላልፍም። ከ5 ሚሊዮን አቶሞች አንዱ በፎስፈረስ ሲተካ ግን ነገሩ ይለወጣል። ፎስፈረስ 5 ውጫዊ ኤሌክትሮኖች ስላሉት አምስተኛው ሳይታሰር ይዘዋወራል፤ ይህ ኤን-ዓይነት ይባላል። 3 ብቻ ያሉት ቦሮን ሲገባ ደግሞ ክፍት ቦታ ይፈጠራል። የጎረቤት ኤሌክትሮን ሲሞላው ክፍተቱ ወደ ጎረቤቱ ስለሚዛወር፣ እንደ ተንቀሳቃሽ ፖዘቲቭ ሙል ይቆጠራል፤ ይህም ፒ-ዓይነት ነው። ብዙዎች ከሚገምቱት በተቃራኒ፣ ሁለቱም ለየብቻቸው ሲታዩ ሙል አልባ ናቸው።

በአንድ ክሪስታል ውስጥ ሲጎራበቱ ኤሌክትሮኖች ከበዙበት ከኤን ወደ ፒ ይሰራጫሉ፤ ክፍተቶችም በተቃራኒው። በመጋጠሚያው አካባቢ ተገናኝተው ይጠፋፋሉ። ከቦታቸው የማይነቃነቁት የፎስፈረስ አቶሞች ፖዘቲቭ፣ የቦሮኖቹ ኔጌቲቭ ሆነው ይቀራሉ። በመካከላቸው የሚፈጠረው የኤሌክትሪክ መስክ ቀጣዮቹን ኤሌክትሮኖች ወደመጡበት ይገፋል፤ ግፊቱ ከስርጭቱ ጋር ሲመጣጠን ባዶው ቀጠና መስፋቱን ያቆማል።

ሁለቱም ወገን ከላይ በተጠቀሰው መጠን ከተበረዙ ቀጠናው 0.4 ማይክሮሜትር ያህል ይሰፋል፤ ቮልቴጁም ወደ 0.7 ቮልት ይጠጋል። ይህን ቮልቴጅ ግን ተራ ቮልትሜትር አያሳየውም፤ ሽቦዎቹ ሲሊከኑን በሚነኩበት ቦታ የሚፈጠሩት ቮልቴጆች ያጣፉታል።