አሥረኛው ነው ወይስ አሥራ አንደኛው?

ካፌዎች አዲስ የደንበኛ ካርድ ሲያወጡ ከካርዱ ፎቶ ሥር አንድ አጭር መስመር ይጽፋሉ፦ «አሥር ማኪያቶ ይጠጡ፣ አንዱ ነፃ!» ለዓይን ይስባል። ደንበኛው ግን ነፃው አሥረኛው ይሁን አሥራ አንደኛው አያውቅም።

እንቁጠረው። ማኪያቶው 60 ብር ነው እንበል። አሥረኛው ነፃ ከሆነ ዘጠኙን በ540 ብር ገዝተው አሥር ይጠጣሉ፤ ቅናሹ ከመቶ 10 ነው። አሥሩን ከፍለው አሥራ አንደኛው ነፃ ከሆነ ግን 600 ብር ከፍለው 11 ይጠጣሉ፤ ቅናሹ ከመቶ 9 ገደማ ይሆናል። ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ካሸሩ ፊት የሚያስነሳው ጭቅጭቅ ግን ትንሽ አይደለም።

ካርዱ ራሱ ሰውን እንዴት እንደሚጎትት የሚያሳይ ጥናት በ2006 ራን ኪቬትዝና ባልደረቦቹ አሳትመው ነበር። ቦታው ኒውዮርክ፣ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለ ካፌ ነው። ለግማሾቹ ደንበኞች አሥር ባዶ ቦታ ያለው ካርድ ተሰጣቸው፤ ለሌሎቹ ደግሞ አሥራ ሁለት ቦታ ያለው፣ ሁለቱ ቀድሞ የተመታበት። የሚቀራቸው ለሁሉም ያው አሥር ቡና ነው። ባዶውን የያዙት በአማካይ በ16 ቀን ገደማ ሲሞሉት፣ ሁለት ማህተም «የተመረቀላቸው» በ13 ቀን ገደማ ጨረሱ። ካርዱ ሊሞላ ሲቃረብ ደግሞ ሰዎቹ ቶሎ ቶሎ ይመላለሱ ነበር። እንግዲህ ምርቃቱ ለማን እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ።

ወደ እኛ ስንመጣ ሌላ ጣጣ አለ። ካርዱ ለማኪያቶ ብቻ ከሆነና በሁለት ወር የሚያልፍበት ከሆነ፣ ሁዳዴ 55 ቀን ነውና ጿሚው ደንበኛ ለፋሲካ ሲመለስ ካርዱ ሊቃጠል የቀሩት ጥቂት ቀናት ብቻ ናቸው። ስለዚህ ጥቁር ቡናና ሻይም ይቆጠሩ እንደሆነ መጻፍ አለበት።

እኔ ብጽፈው እንዲህ እለው ነበር፦ «አዲሱ ካርዳችን ወጣ! ለእያንዳንዱ ስኒ ቡና፣ ማኪያቶ ወይም ሻይ አንድ ማህተም ይመታልዎታል። ሦስት ስኒ ካዘዙ ሦስት ማህተም። አሥር ሲሞላ አሥራ አንደኛው ነፃ ነው። ካርዱ የሚሠራው ከወጣበት ቀን ጀምሮ ለስድስት ወር ነው። የጠፋ ካርድ አይተካም።» ከዚህ አንዱ ዐረፍተ ነገር ቢጎድል፣ የጎደለውን ካሸሩ በየቀኑ በአፉ ሲያስረዳ ይውላል።

ማህተሙም ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር የሚገዛ ተራ ኮከብ ባይሆን ይሻላል፤ ማንም ገዝቶ ቤቱ ካርዱን ይሞላል። የካፌው ስም ያለበት ማስቀረጽ ወይም ካሸሩ ከጎኑ እንዲፈርም ማድረግ ይበቃል።

እርስዎም ሂሳብ ሲከፍሉ ካርዱን ያውጡ፤ ማህተሙ ሳይመታ ከካሸሩ አይራቁ። «ትናንት ጠጥቼ ነበር» ቢሉ የሚያምንዎ አይኖርም።