እውነት ወይስ ተረት? የአባት 3 ቀን እና የልደት ምስክር ወረቀት

ዳንግላ ውስጥ በግል ዱቄት ፋብሪካ የሚሠራ ሰው ሚስቱ ሐሙስ ሌሊት ወለደች እንበል። ጠዋት ለአለቃው ደወለ። አለቃው «እንኳን ማርያም ማረቻት» አለና ቀጠለ፤ «የልደት ምስክር ወረቀት ካላመጣህ ግን ፈቃድ የለም።»

ተረት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 81 ለወንድ ሠራተኛ 3 ተከታታይ ቀን የአባትነት ፈቃድ ከሙሉ ክፍያ ጋር ይሰጣል። አሠሪው ማስረጃ መጠየቁ ግን ተረት አይደለም፤ አንቀጽ 84 ሠራተኛው አስቀድሞ እንዲያሳውቅ፣ ሲጠየቅም ደጋፊ ማስረጃ እንዲያቀርብ ያዛል። ጥያቄው የትኛው ወረቀት ነው የሚለው ነው። የወሳኝ ኩነት ሕግ ልደት ለማስመዝገብ 90 ቀን ይሰጣል። በ90 ቀን ውስጥ ሊወጣ የሚችለውን ወረቀት ለ3 ቀን ፈቃድ ቅድመ ሁኔታ ማድረግ ፈቃዱን መከልከል ነው። ከሆስፒታሉ የሚሰጠው የልደት ማሳወቂያ ይበቃል፤ እቤት ለተወለደ ልጅ ደግሞ የቀበሌ ደብዳቤ። የምስክር ወረቀቱ በኋላ ፋይሉ ውስጥ ቢገባ ማንም አይጎዳም።

«ሙከራ ላይ ያለ አባት አይመለከተውም» ሲባልም እሰማለሁ። አንቀጹ የአገልግሎት ዘመን አልጠየቀም። አንድ ነገር ግን ልብ ይሏል፤ ለጋብቻ «3 የሥራ ቀን» ያለው ሕግ ለአባት «3 ተከታታይ ቀን» ነው ያለው። ዓርብ የጀመረ ሰው እሑድን ከቆጠሩበት ሰኞ ሥራ መግባቱ ነው። ገንፎው ሳይበርድ ማለት ይቻላል። (ይህ ሁሉ የሚመለከተው የግል ድርጅት ሠራተኛን ነው። የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ መምህርም ሆነ የወረዳ ባለሙያ በመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ይተዳደራል፤ የቀን ቁጥሩን ከዚያ ይፈልግ።)

ጉዲፈቻስ? በ2010 ዓ.ም. የታገደው ለውጭ አገር ዜጎች የሚሰጠው ነው፤ የአገር ውስጡ አልተነካም። ሆኖም «ጉዲፈቻ ላደረገች እናትም 120 ቀን አላት» የሚለው ተረት ነው። 120ው የሚሞላው በ30ውና በ90ው ቀን ነው፤ እነሱም የታሰሩት ከእርግዝናና ከመውለድ ጋር ነው፤ አዋጁ ለጉዲፈቻ ብሎ የለየው ፈቃድ የለም። የኅብረት ስምምነት ካልጨመረላት የሚቀራት የዓመት ፈቃዷ ነው፤ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን። ልዩና አሳሳቢ ጉዳይ ሲገጥም ደግሞ ያለ ክፍያ እስከ 5 ተከታታይ ቀን፣ በዓመት 2 ጊዜ ብቻ።

የኅብረት ስምምነቱ ፈቃድ ከሰጠ ማስረጃው ፍርድ ቤት ያጸደቀው የጉዲፈቻ ስምምነት ነው። የእኅቷን ልጅ ከገጠር አምጥታ የምታሳድግ ሴት ይህ ወረቀት የላትም፤ ማሳደግ ብቻውን በሕግ ጉዲፈቻ አይሆንም። የፍርድ ቤቱን ውሳኔ ላመጣችው ግን «ለምን አልወለድሽም?» ብሎ የሕክምና ወረቀት መጠየቅ የአሠሪ ሥራ አይደለም።