«ስሜ» ወይስ «ስሚ»?

ሽሮ ሜዳ ውስጥ አንድ የጋሞ ሸማኔ ስለ ሙያው ሲያወራ የተቀረጸ የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ይታሰብ። ሸማኔው የሚናገረው በጋሞኛ ነው፤ አማርኛ ብቻ የሚያውቅ ተመልካች ነገሩን የሚከታተለው ከግርጌ በተጻፈው ትርጉም ነው። ኤዲተሩ ላፕቶፑ ላይ ነጭ ቀለም መርጦ፣ መጠኑን 54 ፒክስል አድርጎ፣ ከምስሉ ታች አስቀምጦ ሲያየው ጽሑፉ ጥርት ብሎ ይነበባል። ቪዲዮው ተለቅቆ ታክሲ ውስጥ የተቀመጠች ተመልካች ስልክ ላይ ሲደርስ ግን ሌላ ነው። ሸማኔው ራሱን የሚያስተዋውቅበት ቃል «ስሜ» ይሁን «ስሚ» አይለይም። ነጭ ነጠላውን ዘርግቶ ሲያሳይ ደግሞ ጽሑፉ ጨርሶ ይጠፋል።

እንዲህ ዓይነቱ ጥፋት የሚመጣው ከሦስት ቦታ ነው፦ ከፊደሉ መጠን፣ ከፊደሉና ከጀርባው የብርሃን ልዩነት፣ ጽሑፉ ካረፈበት ቦታ። ሦስቱም በቁጥር ሊለኩ ይችላሉ።

ከመጠኑ እንጀምር። ፒክስል በራሱ ርዝመት የለውም፤ የሚታይበት ስክሪን ነው ርዝመት የሚሰጠው። አግድም የተቀረጸው የሸማኔው ቪዲዮ ቁመቱ 1080 ፒክስል ነው። 54 ፒክስል ማለት የዚያ ቁመት 5 በመቶ ነው። ባለ 15.6 ኢንች ላፕቶፕ ላይ ምስሉ 19 ሴንቲሜትር ተኩል ያህል ስለሚቆም፣ የፊደሉ መጠን ወደ 10 ሚሊሜትር ይጠጋል። ስልክን እንደ ልማድ ቀጥ አድርጎ ለያዘ ሰው ግን ምስሉ በስክሪኑ ወርድ ልክ ይጠባል። ወርዱ 6.8 ሴንቲሜትር በሆነ ስልክ የምስሉ ቁመት 3.8 ሴንቲሜትር ብቻ ይሆናል። የዚህ 5 በመቶ 1.9 ሚሊሜትር ነው። በ9 ነጥብ የታተመ የጋዜጣ ጽሑፍ 3.2 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ተመልካቿ ስልኩን ከላፕቶፕ ይበልጥ ወደ ዓይኗ ብታስጠጋውም የምታነበው ከጋዜጣ ፊደል እጅግ ያነሰ ነው።

ለአማርኛ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። የግዕዝ ፊደል ድምፁን የሚለውጠው በትናንሽ ምልክቶች ነው። «ቢ» እግሩ ላይ አጭር ጭረት አለው፤ «ቤ» በዚያው ቦታ ትንሽ ቀለበት አለው። «ስሚ» እና «ስሜ»፣ «ጥሪ» እና «ጥሬ» የሚለያዩት በእንዲህ ያለ ቅንጣት ነው። ቀለበቱ ከፊደሉ ጠቅላላ ቁመት ጥቂቱን ብቻ ስለሚይዝ፣ ፊደሉ ሲያንስ መጀመሪያ የሚደፈነው እሱ ነው።

ዳታ ለመቆጠብ ቪዲዮውን በ144 ወይም በ240 ጥራት የሚያይ ሰው ችግሩ በእጥፍ ይደርስበታል። በ144 ጥራት የምስሉ ቁመት 144 ፒክስል ብቻ ነው፤ ስለዚህ ያ 54 ፒክስል የነበረው ፊደል ወደ 7 ፒክስል ይወርዳል። በ7 ፒክስል ውስጥ «ሜ» ከነቀለበቱ ሊሳል አይችልም። ስልኩ ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን፣ ተመልካቿም ዓይኗን ብታጠብ የጠፋው ቀለበት አይመለስም።

መፍትሔው ከሚሊሜትር መነሳት ነው። ያው ቪዲዮ ለስልክ ተብሎ በቁም፣ ማለትም 1080 በ1920 ፒክስል ሆኖ እንደገና ቢሠራ፣ 1080ው ፒክስል በ6.8 ሴንቲሜትር ወርድ ላይ ይዘረጋል። አንዱ ፒክስል 0.063 ሚሊሜትር ይሆናል ማለት ነው። ፊደሉ 70 ፒክስል ቢደረግ 4.4 ሚሊሜትር ይሆናል፤ ከጋዜጣው በለጠ። በ240 ጥራት ሲታይም ከ15 ፒክስል በላይ ስለሚቀረው ቀለበቱ ይተርፋል።

የፎንቱ ዓይነትም እዚህ ላይ ይገባል። ኮምፒውተር ላይ የተለመደው ኒያላ ጭረቶቹ አንዳንዴ ወፍራም አንዳንዴ ቀጭን ናቸው፤ ለወረቀት ያምራል፣ በጠባብ ስክሪን ግን ቀጭኑ ጭረት ቶሎ ይሟሟል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ጭረቱ እኩል ስለሆነና በብዙ ውፍረት ስለሚገኝ ለዚህ ሥራ ይሻላል። ሲመረጥ ግን መካከለኛው ውፍረት ይበቃል። በጣም የወፈረው የፊደሉን ውስጠኛ ክፍተት ራሱ ይደፍናል።

መጠን ሲጨምር በአንድ መስመር የሚገባው ቃል ይቀንሳል። 70 ፒክስል በሆነ ፊደል፣ ከግራና ከቀኝ 120 ፒክስል ባዶ ከተተወ፣ አንድ መስመር እንደ ፎንቱ 16 ፊደል ያህል ይይዛል፤ ይህም ሦስት ወይም አራት ቃል ነው። ስለዚህ ሸማኔው «ሽመናን የተማርኩት ከአባቴ ነው፤ ያኔ ገና ልጅ ነበርኩ፤ እጄ አይደርስም ነበር» ያለው በአንድ ጊዜ አይወጣም። መጀመሪያ «ሽመናን የተማርኩት» ከላይ፣ «ከአባቴ ነው» ከታች ሆኖ ይታያል። ቀጥሎ «ያኔ ገና ልጅ ነበርኩ» እና «እጄ አይደርስም ነበር» ይመጣሉ። መስመሩ የሚቆረጠው ሐሳቡ ትንፋሽ በሚወስድበት ቦታ ነው። «ከአባቴ» አንዱ ስክሪን ላይ ቀርቶ «ነው» ብቻውን ወደሚቀጥለው ካለፈ፣ አንባቢው የሄደውን ቃል ለማስታወስ ሲሞክር ምስሉ ያመልጠዋል።

ሁለተኛው ጉዳይ የብርሃን ልዩነት ነው። የድረ ገጽ ተደራሽነት ዓለም አቀፍ መመሪያ ይህን በሬሾ ይለካዋል። ነጭ በጥቁር ላይ ሲሆን 21 ለ1 ነው፤ ከዚህ በላይ የለም። ለተራ ጽሑፍ ዝቅተኛው 4.5 ለ1፣ ለትልልቅ ጽሑፍ 3 ለ1 ነው። ሸማኔው የዘረጋው ነጠላ በጥላ ውስጥ ፈዛዛ ግራጫ ቢመስል እንኳ፣ ነጭ ፊደል በላዩ ላይ ሲያርፍ ልዩነቱ 1.4 ለ1 ገደማ ብቻ ነው። ጽሑፉ የጠፋው ለዚህ ነው። ቢጫ ይሻላል የሚሉ አሉ፤ ንጹሕ ቢጫ በንጹሕ ነጭ ላይ ግን 1.07 ለ1 ነው፤ አይድንም።

ብዙዎች የሚመርጡት መውጫ ፊደሉን በጥቁር መስመር መክበብ ነው። ለላቲን ፊደል ቀጭኑ ክበብ ጥሩ ይሠራል። በአማርኛ ክበቡ ሲወፍር ወደ «ሜ» ቀለበት ውስጥ ገብቶ ይሞላዋል፤ ንፅፅሩ ተገኝቶ ፊደሉ ይጠፋል። የተሻለው ከጽሑፉ ጀርባ ጥቁር ሰሌዳ ማስቀመጥ ነው። የሰሌዳው ድፍነት ግን መለካት አለበት። በዚያው ፈዛዛ ነጠላ ላይ 30 በመቶ ድፍን የሆነ ጥቁር ሰሌዳ ቢቀመጥ ልዩነቱ 2.8 ለ1 ላይ ይቆማል፤ ለትልቅ ጽሑፍ እንኳ አይበቃም። ድፍነቱ ወደ 60 በመቶ ሲወጣ 7 ለ1 ይደርሳል። ነጠላው በፀሐይ በርቶ ፍጹም ነጭ ቢሆንም ከ5.7 አይወርድም።

ከ4.5 በላይ ትርፍ መያዙ ያለ ምክንያት አይደለም። ስልክ ደጅ ሲታይ የፀሐይ ነጸብራቅ በስክሪኑ ላይ ሁሉ እኩል ይጨመራል። በነጩ ላይ ያን ያህል ለውጥ አያመጣም፣ ጥቁሩን ግን ያነጣዋል፤ ስለዚህ ሬሾው ይወርዳል። ቤት ውስጥ በጭንቅ የሚነበብ ጽሑፍ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ የማይነበበው በዚህ ነው።

በቀለም ብቻ መለየትም አያስተማምንም። አብዛኛው ቪዲዮ ሲታመቅ የብርሃኑ መረጃ በሙሉ ሲቀመጥ የቀለሙ ግን ለአራት ፒክስል አንድ ሆኖ ይቀራል። ቀይ ፊደል በሰማያዊ ጀርባ ላይ ጠርዙ የሚፈሰው ለዚህ ነው።

ቦታው ይቀራል። በቲክቶክ፣ በሪልስና በሾርትስ ላይ ምስሉ የኤዲተሩ ብቻ አይደለም። የቀኙ ጠርዝ የላይክ፣ የኮሜንትና የሼር ምልክቶች የሚደረደሩበት ነው፤ ግርጌው ላይ የአካውንቱ ስም፣ የጽሑፍ መግለጫውና የሙዚቃው ስም ይወጣሉ። ሜታ ለሪልስ ማስታወቂያ ሠሪዎች በሰጠው ምክር ከላይ 14 በመቶ፣ ከታች 35 በመቶ፣ ከግራና ከቀኝ 6 በመቶ ያህል ነጻ እንዲተው ይላል። ቁመቱ 1920 ፒክስል በሆነ ምስል የታችኛው 35 በመቶ 672 ፒክስል ነው። ስለዚህ የሸማኔው ጽሑፍ የታችኛው ጠርዝ ከላይ ሲቆጠር ከ1248ኛው ፒክስል ማለፍ የለበትም። ሁለት መስመር ጽሑፍ ከነሰሌዳው 220 ፒክስል ያህል ስለሚይዝ፣ ከ1020 እስከ 1240 ባለው ያርፋል።

እዚህ ላይ አንድ ግጭት ይመጣል። ያ ቦታ ሸማኔው መወርወሪያውን የሚያቀብልበት፣ እጁ የሚታይበት ነው። ጽሑፉን በየጊዜው ከላይ ወደ ታች ማዘዋወር መፍትሔ አይሆንም፤ ዓይን ጽሑፍን ከለመደበት ቦታ ነው የሚፈልገው። የሚሻለው ቀረጻው ላይ ማሰብ ነው፦ ካሜራው ትንሽ ራቅ ብሎ ፊቱና እጁ ከመሃል በላይ እንዲሆኑ ማድረግ። ቀረጻው ካለፈ ደግሞ ምስሉን ወደ ላይ ገፋ አድርጎ መቁረጥ ይቻላል። እጁ ብቻውን ጎልቶ በሚታይበትና ንግግር በሌለበት ጊዜ ጽሑፍ አያስፈልግም።

አግድሙ ቪዲዮ ዩቲዩብ ላይ የሚለቀቅ ከሆነ ሌላ መንገድ አለ። ጽሑፉ ከምስሉ ጋር ሳይጋገር ለብቻው በSRT ፋይል ይጫናል። ፋይሉ ውስጥ የመስመሩ ቁጥር፣ ሰዓቱና ቃሉ ብቻ ነው ያለው።

```
1
00:00:04,200 --> 00:00:06,800
ሽመናን የተማርኩት
ከአባቴ ነው፤
```

ይህን ጽሑፍ የሚስለው ስልኩ ራሱ ነው፤ ስለዚህ ምስሉ በ144 ጥራት ቢሄድም ፊደሉ በስክሪኑ ሙሉ ጥራት ይወጣል። ተመልካቿም ማብራት፣ ማጥፋትና ማሳደግ ትችላለች። ጉድለቱ ፋይሉ ከቪዲዮው ጋር አብሮ አለመጓዙ ነው። ቪዲዮው ወርዶ በቴሌግራም ከሰው ወደ ሰው ሲላክ ትርጉሙ ወደ ኋላ ይቀራል። እንዲያ እንደሚዞር ለሚታወቅ ቪዲዮ ጽሑፉን ከምስሉ ጋር መጋገር ግድ ነው።

ቪዲዮ የሚሠራ ሁሉ ከመልቀቁ በፊት አምስት ደቂቃ ሊሰጠው የሚገባ ፈተና አለ። ቪዲዮውን ወደ ስልክ ይላከው፤ ጥራቱን ወደ 240 ያውርድ፤ ደጅ ወጥቶ በቀን ብርሃን ይመልከተው። ከዚያ ስልኩን ጽሑፉን አስቀድሞ ላላየ ሰው ይስጥና ጮክ ብሎ እንዲያነብ ይጠይቅ። ጽሑፉን የጻፈው ሰው ራሱ ጥሩ ፈታኝ አይሆንም፤ የደፈነውን ቀለበት ከትዝታው ይሞላዋል። አንባቢው ቆም ብሎ ከገመተ፣ የቆመበት ፊደል የትኛው እንደሆነ ይታይ። «ሚ» እና «ሜ» ላይ ከሆነ መጠኑ አንሷል ወይም ፎንቱ ወፍሯል። ነጭ ነገር ሲመጣ ከሆነ ሰሌዳው ሳስቷል። የመስመሩ መጨረሻ ላይ ከሆነ ምልክቶቹ ሸፍነውታል።

በ70 ፒክስል ፊደል፣ በ60 በመቶ ሰሌዳ፣ ከ1248ኛው ፒክስል በላይ የተቀመጠው የሸማኔው ቪዲዮ ታክሲ ውስጥ ሲከፈት «ስሜ» ያለው «ስሜ» ሆኖ ይነበባል፤ ነጠላው ሲዘረጋም ጽሑፉ ከነሙሉ ፊደሉ ከላዩ ላይ ይቆያል።