የዘንድሮን ትርፍ በ5 አታባዙ

ሰሊጥ ማበጠሪያ ለመትከል የሚዘጋጁ እቅዶችን ሳይ አንድ ነገር ይደጋገምብኛል፦ የዘንድሮ ትርፍ በ5 ይባዛል፣ አለቀ። እስቲ በምሳሌ እንየው።

አንድ ኪሎ የተበጠረ ሰሊጥ 100 ብር ይሸጣል እንበል። ለጥሬው (የሚወጣውን ቆሻሻ ጨምሮ) 60 ብር፣ ለጉልበት፣ ለመብራት፣ ለጆንያና ለማጓጓዣ 20 ብር ይወጣል። ትርፉ 20 ብር ስለሆነ የ5 ዓመቱ 100 ብር ይመስላል።

እኔ ወጪውን ለሁለት እከፍለዋለሁ። መሸጫው በየዓመቱ 3 ከመቶ ቢወርድ ጥሬውም አብሮ ሊወርድ ይችላል። ጉልበትና መብራት ግን አይወርድም፤ እንዲያውም በዓመት 10 ከመቶ ይጨምር እንበል። ያኔ ትርፉ ከ20 ወደ 16.80፣ 13.44፣ 9.89፣ በመጨረሻም 6.13 ብር ይወርዳል። ድምሩ 66 ብር ገደማ ነው።

የብድሩ ክፍያ በኪሎ 12 ብር ቢሆንስ? በአማካይ 13 ብር ስላለ የሚበቃ ይመስላል። ግን በ4ኛው ዓመት ትርፉ 10 ብር እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ከባንክ ጋር ስትነጋገሩ ክፍያው መጀመሪያ ላይ ከፍ፣ በኋላ ዝቅ እንዲል ጠይቁ።

አንድ አደጋ አለ። አካባቢው ላይ ማበጠሪያ ከበዛ ሁሉም ለጥሬው ስለሚሻማ ዋጋው አይወርድም። በ60 ብር ከቆመ ብድሩ በ3ኛው ዓመት ይጎድላል፣ 5ኛው ዓመት ደግሞ ኪሳራ ነው። በጥሬውና በመሸጫው መካከል ያለውን ልዩነት በየሳምንቱ መዝግቡ፤ መጥበብ ሲጀምር እቅዱን እንደገና አስሉት።