ራምፑን ይዞ የሚጠብቅ ሰው

እ.ኤ.አ. ኦገስት 2024 አንድ ምሽት ከሊድስ የተነሳ ባቡር ለንደን ኪንግስ ክሮስ ጣቢያ ገብቶ ቆመ። ተሳፋሪው ወርዶ አለቀ። ታኒ ግሬይ ቶምሰን ግን ዊልቸራቸው ላይ እንደተቀመጡ ቀሩ። በፓራሊምፒክ 11 የወርቅ ሜዳሊያ የወሰዱት እኚህ ሴት የእንግሊዝ የላይኛው ምክር ቤት አባልም ናቸው፤ ያኔ ወደ ፓሪስ ፓራሊምፒክ እየሄዱ ነበር። ሩብ ሰዓት ገደማ ጠበቁ፤ ራምፕ ይዞ የመጣ ግን አልነበረም። በመጨረሻ ዕቃቸውን ፕላትፎርሙ ላይ ወርውረው እየዳኹ ወረዱ።

ዜናው ብዙ ሰው አስቆጣ፤ የባቡር ድርጅቱም ይቅርታ ጠየቀ። ለዊልቸር ተጠቃሚ ዋናው ትምህርት ያለው ግን ከውርደቱ በስተጀርባ በነበረችው ትንሽ ነገር ላይ ነው። ግሬይ ቶምሰን እርዳታ አስይዘው ነበር፤ ያስያዙት ግን ላመለጣቸው ባቡር ነው። ቀጥሎ የመጣውን ሲሳፈሩ ሊድስ ላይ ሠራተኛ ደግፎ አስገባቸው። የቀረው ሥራ የሚያወርዳቸው ሰው ለንደን ላይ እንዲጠብቅ ማድረግ ነበር።

በብሪታንያ የሚሠራው አገልግሎት ፓሰንጀር አሲስት ይባላል፤ ክፍያ የለውም። ለዊልቸር ተጠቃሚ ብቻም አይደለም። ደረጃ የሚያስቸግራቸው አዛውንት፣ ማየት የተሳነው ሰው፣ ጉልበቱን ታሞ ሻንጣ ማንሳት ያቃተው ሁሉ ይጠቀምበታል። ቀድሞ ለማስያዝ የሚያስፈልገው ጊዜ በየዓመቱ እያጠረ መጥቷል። እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2020 ጀምሮ እስከ ጉዞው ዋዜማ ምሽት 4 ሰዓት ድረስ መናገር ይበቃ ነበር። በዓመቱ ወደ 6 ሰዓት ወረደ፤ ከኤፕሪል 2022 ወዲህ ደግሞ ከጉዞው 2 ሰዓት በፊት ማሳወቅ በቂ ነው። ሳያስይዙ ጣቢያ ሄዶ መጠየቅም ይቻላል፤ ነገር ግን ሠራተኛ እስኪገኝ መጠበቅ ሊመጣ ይችላል።

አንዲት ልጅ በዊልቸር የሚሄዱ እናቷን ከለንደን ሊድስ ልትወስድ ነው እንበል። በስልክ ወይም በመተግበሪያው ስታስይዝ የምትሳፈሩበትን ባቡር፣ መነሻና መድረሻውን፣ ባቡር የሚቀይሩ ከሆነም የሚቀይሩበትን ጣቢያ ትናገራለች። ከዚያ የዊልቸሩ መጠን ይጠየቃል፤ አብዛኛው ባቡር የሚቀበለው እስከ 70 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 120 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለውን ነው። ከባድ የኤሌክትሪክ ዊልቸር ከሆነ ክብደቱም ይታያል፤ ራምፑ በአብዛኛው የሚሸከመው ከነሰውየው እስከ 300 ኪሎ ነው። እናትየው ወደ ተራ ወንበር መዛወር ይችላሉ ወይስ እዚያው ዊልቸራቸው ላይ ይቆያሉ? ይህም ይጠየቃል፤ የዊልቸር ቦታ በየባቡሩ ጥቂት ስለሆነ እርዳታው ሲያዝ ቦታውም መያዙን ማረጋገጥ ያሻል።

እዚህ ላይ አንድ የሐበሻ ወጥመድ አለ። እናትየው በራሳቸው ደውለው «ሦስት ሰዓት ላይ» ቢሉ፣ የጠዋቱ 3 ሰዓት በፈረንጅ 9 ነው። የተሳሳተች አንዲት ሰዓት ሠራተኛውን ሌላ ባቡር በር ላይ ታቆመዋለች።

ቀኑ ሲደርስ የሚሆነው ቀላል ይመስላል። ሠራተኛው ራምፑን ዘርግቶ እናትየውን ያስገባል፤ ከዚያ መድረሻው ጣቢያ ደውሎ የትኛው ባቡር፣ ስንተኛው ፉርጎ፣ ምን ዓይነት እርዳታ እንደሚያስፈልግ ይናገራል። ሰንሰለቱ የሚበጠሰው ብዙውን ጊዜ እዚህ ጥሪ ላይ ነው። ፕላትፎርሙ ተለውጦ፣ ባቡሩ ዘግይቶ ወይም ተሳፋሪው ሌላ ባቡር ይዞ ወሬው ሳይደርስ ይቀራል። ስለዚህ ባቡር የቀየረ ሰው «ያስያዝኩት ይህን አይደለም» ብሎ ለሚያሳፍረው ሠራተኛ መንገር፣ ጉዞው ላይም ባቡሩ ውስጥ ላለው ሠራተኛ ደግሞ ማስታወስ አለበት። ባቡሩ ጉዞውን በሚጨርስበት ጣቢያ እርዳታው በተቻለ መጠን በ5 ደቂቃ ውስጥ መድረስ አለበት። ያስያዙት እርዳታ ከቀረ ካሳ መጠየቅ ይቻላል፤ የተላከው ማረጋገጫ መልእክት አይጥፋ።

ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች የሚሻገር ሰው ግን የ2 ሰዓቱን ልማድ ትቶ ይሂድ። እ.ኤ.አ. ከጁን 2023 ጀምሮ የሚሠራው የኅብረቱ ሕግ ማሳወቂያውን ከ48 ወደ 24 ሰዓት አውርዶታል። ጣቢያ የሚደረስበት ሰዓት ካልተነገረ ደግሞ ባቡሩ ከመነሳቱ ቢያንስ 30 ደቂቃ ቀድሞ መገኘት ያስፈልጋል። ፍራንክፈርት ያለች እህቱን ሊጠይቅ የሚሄድ የለንደን ሰው ለብሪታንያው ባቡር ጠዋት ቢያስይዝ ይበቃዋል፤ ለጀርመኑ ግን ትናንት መደወል ነበረበት።