አዲስ ሸሪክ ከመግባቱ በፊት ዕቃችሁን ቁጠሩ

ትናንት ከሽሮ ሜዳ አንዲት እናት የሦስት ዓመት መዝገብ በፌስታል ይዘው ቢሮዬ መጡ። ከእህታቸው ልጅ ጋር በሽርክና የያዙት የሀበሻ ልብስ ሱቅ አላቸው። «ልጄ፣ ባለፈው ጥር አንድ ዘመዳችን ሦስተኛ ሆኖ ገባልን፤ ከዚያ ወዲህ ሒሳቡ አልጥም አለኝ» አሉኝ። መዝገቡን ገልጬ ያየሁት ነገር አናድዶኛል፣ ስለዚህ ሳይበርድልኝ ልጻፈው። ማንነታቸውን የሚገልጽ ነገር አልጠቅስም፤ ቁጥሮቹንም ለመከተል እንዲመቹ አጠጋግቻቸዋለሁ።

እናትየው 900,000 ብር አዋጥተዋል። የእህታቸው ልጅ 300,000 ብር አዋጥታ ሱቁን ቀን በቀን የምታሠራው እሷ ናት፤ ሸማኔ ቤት የምትሮጠውም፣ ደንበኛ የምታስተናግደውም እሷ ናት። ውላቸው በአግባቡ የተጻፈ ነው። በቅድሚያ ለእያንዳንዳቸው ባዋጡት ካፒታል ላይ በዓመት 10 በመቶ ወለድ ይታሰባል፤ የቀረው ትርፍ እኩል ይካፈላል። ብዙ ገንዘብ ያስቀመጠውም፣ ብዙ ላብ ያፈሰሰውም እንዳይጎዳ ተብሎ የተደረገ ነው።

ችግሩ ውሉ ላይ ሳይሆን ሒሳቡን የሠራው ሰው ላይ ነው።

1. የካፒታል ወለድ ወጪ አይደለም። ይህን ስንት ጊዜ ልናገር! ከባንክ ተበድራችሁ የምትከፍሉት ወለድ ወጪ ነው፤ ሸሪኩ ለራሱ ካፒታል የሚያገኘው «ወለድ» ግን ስሙ ወለድ ይባል እንጂ የትርፍ ድልድል ነው። መጀመሪያ ትርፉ ይታወቃል፣ ግብሩ ይወጣል፣ ከዚያ በኋላ የቀረው ይደለደላል። በእነዚህ ሰዎች መዝገብ ግን የሁለቱ የካፒታል ወለድ 120,000 ብር ከባንክ ወለድ ጋር አንድ ላይ ተደምሮ ወጪ ሆኗል። የሽርክና ማኅበር በገቢ ግብር አዋጅ 979/2008 መሠረት እንደ ድርጅት ነው የሚታየው፤ በትርፉ ላይ 30 በመቶ ይከፍላል። ይህ «ወጪ» በምርመራ ጊዜ ሲወድቅ ግብሩ ከነቅጣቱ ተመልሶ ይመጣል። የሚከፍሉት ደግሞ ሒሳቡን የሠራው ሰው አይደለም፣ እነሱ ናቸው።

ድልድሉን እንየው። ከግብር በኋላ 400,000 ብር ተረፈ እንበል። ለእናትየው 90,000፣ ለልጅቷ 30,000 ወለድ ይታሰባል። የቀረው 280,000 ለሁለት ሲካፈል ለእያንዳንዳቸው 140,000 ይደርሳል። ድምሩ ለእናትየው 230,000፣ ለልጅቷ 170,000 ይሆናል። በመዋጮ ልክ ቢካፈሉ ኖሮ 300,000 እና 100,000 ይሆን ነበር፣ ያለ ወለድ እኩል ቢካፈሉ ደግሞ 200,000 እና 200,000። አንድ ዓረፍተ ነገር ውል ውስጥ መኖሩና አለመኖሩ ይህን ያህል ያንቀሳቅሳል።

2. ትርፉ ወለዱን ባይሸፍንስ? አንድ ዓመት 80,000 ብር ብቻ ቢተርፍ የ120,000 ብሩ ወለድ ከየት ይመጣል? ወለዱ ሙሉ በሙሉ ከታሰበ 40,000 ብር ይጎድላል፤ ጉድለቱም እኩል ይከፈላል፣ ማለትም እናትየው 70,000፣ ልጅቷ 10,000 ያገኛሉ። «ወለድ የሚታሰበው ትርፍ እስካለ ድረስ ብቻ ነው» ከተባለ ግን 80,000 ብሩ በወለዱ ልክ ተደልድሎ 60,000 እና 20,000 ይሆናል። ሁለቱም አሠራር ትክክል ነው፤ የትኛው እንደሆነ ግን ውሉ መናገር አለበት። ውል ጸሐፊዎች ይህን መስመር ለምን እንደሚዘሉት አይገባኝም። «ትርፍና ኪሳራ በስምምነት» ብለው ይዘጉታል። ሰዎቹ ወደ እኛ የሚመጡት እኮ ስምምነቱ ሲጠፋ ነው!

በነገራችን ላይ «ሕጉ ለሸሪክ 5 በመቶ ወለድ ይላል» እያላችሁ የምታሠራጩ ሰዎች እባካችሁ ተዉ። ያ የእንግሊዝ የ1890 የሽርክና ሕግ ነው፤ እዚያም ቢሆን 5 በመቶው ሸሪኩ ከካፒታሉ በላይ ላበደረው ገንዘብ እንጂ ለካፒታሉ አይደለም። ለካፒታል፣ ውል ከሌለ፣ ወለድ የለም ነው የሚለው። ከውጭ መማሪያ መጽሐፍ ተገልብጦ ኮሌጅ ገባ፣ ከኮሌጅ ወጥቶ የኢትዮጵያ ሕግ ተብሎ ይነገራል። የኛ የንግድ ሕግ አዋጅ 1243/2013 ነው፤ እሱን አንብቡ፣ ከሱም በላይ የራሳችሁን ውል አንብቡ።

3. የአዲሱ ሸሪክ ገንዘብ። ዘመድየው 600,000 ብር ይዞ መጣ፣ ከትርፉ አንድ ሦስተኛ ሊያገኝ ተስማሙ። ገንዘቡ «ልዩ ልዩ ገቢ» ተብሎ ተመዝግቧል። መዋጮ ገቢ አይደለም! በዚህ አያያዝ ሱቁ ያላተረፈውን 600,000 አትርፌያለሁ ብሎ 180,000 ብር ግብር ሊከፍል ነበር። እሱን ዓመታዊ ሒሳቡ ሳይቀርብ ስለደረስንበት አስተካክለነዋል። እንቅልፍ የነሳኝ ግን ቀጥሎ ያለው ነው፣ ምክንያቱም እሱን ማንም ስህተት ነው አይለውም።

ሰዎቹ እንዲህ ብለው አሰቡ፦ የነበረው ካፒታል 1,200,000 ነው፣ እሱ 600,000 ጨመረ፣ ድምሩ 1,800,000 ሆነ፣ 600,000 የዚያ አንድ ሦስተኛ ነው፣ ስለዚህ ፍትሐዊ ነው። ወረቀቱ ላይ ያምራል። ግን 1,200,000 ብሩ የመዝገብ ቁጥር ነው፤ ሱቁ በዚያ ቀን የሚያወጣው ዋጋ አይደለም።

መደርደሪያው ላይ ያለው ጥበብ ቀሚስ፣ ጋቢና ነጠላ መዝገብ ውስጥ በተገዛበት ዋጋ 700,000 ብር ነው። አብዛኛው የተገዛው ድርና ማግ ሳይወደድ ነው። ዘመድየው በገባበት በጥር 1 ያንኑ ዕቃ ከሸማኔዎቹ ልግዛ ቢሉ 940,000 ይፈጅ ነበር። ልብ በሉ፣ የሱቁን መሸጫ ዋጋ አልወሰድኩም፤ በዚያ ዋጋ ማስላት ገና ያልተለፋበትን ትርፍ ለነባሮቹ መስጠት ነው። የወየበውንና ጥለቱ ከፋሽን የወጣውንም ቀንሼ ነው። ልዩነቱ 240,000 ብር ሆነ።

ሌላው የሱቁ መልካም ስም ነው። ለሠርግ ልብስ ያንን ሱቅ ብለው የሚመጡ ደንበኞች አሉ፣ ጥሩ ጥሩውን ሥራ አስቀድመው ለሱቁ የሚያመጡ ሸማኔዎች አሉ። ይህ ዋጋ አለው፤ የንግድ ሕጋችንም ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ መልካም ስምን የንግድ መደብር ዋና አካል አድርጎ ነው ያስቀመጠው። ከግብር በኋላ ያለፉት ሦስት ዓመታት ትርፍ 300,000፣ 380,000 እና 400,000 ነበር፤ አማካዩ 360,000 ነው። የአንድ ዓመት አማካይ ትርፍ ብቻ ወሰድኩ። የሁለትና የሦስት ዓመት የሚወስዱ አሉ፤ እዚህ ግን ልጅቷ ያለ ደመወዝ ስለምትሠራ ትርፉ ከእውነቱ ከፍ ብሎ ነው የሚታየው፣ ስለዚህ ማብዛት አግባብ አይሆንም።

240,000 እና 360,000 ድምሩ 600,000 ብር ነው። ይህ ሁሉ የተፈጠረው ዘመድየው ከመግባቱ በፊት ነው፣ መዝገብ ውስጥ ግን የለም። ግብሩን ለጊዜው እንተወውና፣ አሁን ያ ዕቃ ሲሸጥ 240,000 ብሩ ትርፍ ሆኖ ይወጣል፣ አንድ ሦስተኛው 80,000 ብር ለእሱ ይሄዳል። ነገ ሱቁ ቢሸጥ ከመልካም ስሙ ዋጋ 120,000 ይደርሰዋል። በአጠቃላይ 200,000 ብር፣ ከእናትየው 100,000 ከልጅቷ 100,000፣ ማንም ስጦታ ነው ሳይል ተላልፏል። በሙሉ ዋጋ ቢገባ ማምጣት የነበረበት 900,000 ነበር፦ የሱቁ እውነተኛ ዋጋ 1,800,000 ስለሆነ የዚያ ግማሽ ሲጨመር ሦስተኛ እጅ ይሆናል።

ማስተካከያው አስቸጋሪ አይደለም። ሱቁ ራሱ የፈጠረውን መልካም ስም ንብረት ብሎ መመዝገብ በሒሳብ ደረጃው አይፈቀድም፣ ዕቃም ከተገዛበት ዋጋ በላይ አይያዝም፤ ስለዚህ ንብረቶቹን ሳንነካ በካፒታል ሒሳቦቹ መካከል ብቻ እናስተካክላለን። 600,000 ብሩን በድሮው ድርሻ ለሁለቱ ነባሮች 300,000 300,000 እንጨምራለን፤ ወዲያው በአዲሱ ድርሻ ከሦስቱም 200,000 200,000 እንቀንሳለን። የእናትየው ካፒታል 1,000,000፣ የልጅቷ 400,000፣ የዘመድየው 400,000 ይሆናል። ድምሩ ያው 1,800,000 ነው።

«ቁጥር ማዟዟር ነው» የሚል ካለ ወደ ወለዱ ይመለስ። ሳይስተካከል የ10 በመቶው ወለድ ለእናትየው 90,000፣ ለልጅቷ 30,000፣ ለእሱ 60,000 ነው። ሲስተካከል 100,000፣ 40,000 እና 40,000 ይሆናል። ሱቁን ያቆመችው ልጅ፣ ትናንት ከገባው ሰው ግማሽ ወለድ በየዓመቱ ልትቀበል ነበር፣ አንድ ቆጠራ ባለመደረጉ።

ደግሞ የገባበት ቀን። ጥር 1 ነው የገባው፣ መዝገቡ ግን የዓመቱን ትርፍ ከሐምሌ እስከ ሰኔ አንድ ላይ ጨፍልቆ ለሦስት ሊያካፍል ነበር። የዚህ ሱቅ ገበያ የእንቁጣጣሽ፣ የመስቀልና የገና ነው፤ የመስከረሙም የታኅሣሡም ሽያጭ እሱ ሳይገባ የሆነ ነው። የዓመቱን ትርፍ ለአሥራ ሁለት ከፍሎ በወር ማካፈልም መፍትሔ አይሆንም፣ ወሮቹ እኩል አይሸጡምና። ታኅሣሥ 30 ላይ መዝገብ ይዘጋል፣ ዕቃ ይቆጠራል፣ የመጀመሪያው ግማሽ ዓመት ትርፍ ለሁለቱ ይደለደላል፣ የካፒታሉም ወለድ በየግማሹ ይታሰባል። ጳጉሜን ቀን ይቆጠር አይቆጠር የሚለውንም ውሉ ውስጥ ጻፉት፤ በቀን የሚያሰላና በወር የሚያሰላ ሰው ሲጨቃጨቁ አይቻለሁ።

በጣም የሚያናድደኝ ይህን ሁሉ ማንም አለመጠየቁ ነው። ውል ማሻሻያው ሲጻፍ የመታወቂያ ቅጂ ተጠየቀ፣ ፎቶ ተጠየቀ፣ ፊርማ ተጠየቀ። «ዕቃው ተቆጥሯል ወይ?» ያለ አንድ ሰው የለም። በየቢሮው ወረቀት ሲመላለስ ሦስት ሳምንት ያለቀበት ጉዳይ፣ ቆጠራው ቢደረግ ሁለት ቀን ነበር የሚወስደው።

እናትየው መጨረሻ ላይ «ልጄ፣ አሁን ብናነሣው ዘመዴ ይቀየመኛል?» አሉኝ። የቆጠራውን ወረቀት ሠርቼ ሰጥቻቸዋለሁ፤ እሑድ ሦስቱም ቁጭ ብለው ያዩታል፣ ዘመድየውም እሺ ብሏል። እናንተም ሽርክናችሁ ውስጥ ሰው ልታስገቡ ከሆነ፣ ገንዘቡን ከመቀበላችሁ በፊት ሱቁን ዝጉና ዕቃውን ቁጠሩ፤ ቆጠራውን አዲሱም ሸሪክ ይፈርምበት።